የመክፈያ ኪውአር ኮድ በሐሰተኛ ስቲከር መሸፈኑን እንዴት ማወቅ ይቻላል? ችግርና መፍትሄ

በካፌ ወይም በሱቅ ባንኮኒ ላይ የሚለጠፍ ኪውአር ኮድ ገንዘቡ ወደ ማን እንደሚሄድ ይናገራል እንጂ የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ አጭበርባሪ የራሱን ኮድ አትሞ በላዩ ቢለጥፍበት ስልክዎ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ያነበዋል።

ምልክት፦ ስካን ሲያደርጉ የማያውቁት ስም ይመጣል

እንደ ቴሌብር ባሉ መተግበሪያዎች የሚስጥር ቁጥር ከመጠየቁ በፊት የተቀባዩ ስም ስለሚታይ፣ ዋናው መመርመሪያ ይኸው ገጽ ነው። ለ180 ብር ሂሳብ ስካን አድርገው በካፌው ስም ፈንታ የግለሰብ ስም መጣ እንበል። ይህ ብቻውን ማጭበርበር መሆኑን አያሳይም፤ የንግድ ፈቃዱ በባለቤቱ ስም ወጥቶ በር ላይ ያለው ማስታወቂያ ሌላ ስም የያዘባቸው ቤቶች ብዙ ናቸውና።

መፍትሄው የሚስጥር ቁጥሩን ሳያስገቡ ቆም ብሎ፣ ከኮዱ ሥር የነጋዴው ቁጥር ታትሞ ከሆነ ስልክዎ ላይ ከመጣው ጋር ማነጻጸር ነው። አጭበርባሪው የሸፈነው አራት ማዕዘኑን ብቻ ከሆነ ሁለቱ ቁጥሮች አይገጥሙም። ቁጥሩም አብሮ ተሸፍኖ ሊሆን ስለሚችል ግን፣ ቢገጥሙም እንኳ ስሙን በባንኮኒው ላለው የሱቁ ሠራተኛ አንብበው ያረጋግጡ። እሱም ካላወቀው፣ ሱቁ በራሱ ስልክ ወይም ሰነድ ላይ ያለውን ቁጥር ተቀብለው በእጅ ያስገቡ፤ ስሙንም እንደገና ይመልከቱ።

ምልክት፦ ኮዱ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ ይታያል

ዋናው ኮድ አብዛኛውን ጊዜ ከአርማውና ከድርጅቱ ስም ጋር በአንድ ወረቀት ታትሞ በፕላስቲክ ይሸፈናል። ጥፍርዎን በዳርቻው ሲያንሸራትቱ ከፕላስቲኩ በላይ ጠርዝ ከያዘ፣ ወይም ወደ ብርሃን ሲያዘነብሉት አራት ማዕዘኑ ብቻ በተለየ ሁኔታ ካንጸባረቀ፣ ሌላ ነገር ተደርቦበታል። ነጋዴው ራሱ አዲስ ኮድ በአሮጌው ላይ ለጥፎ ሊሆን ስለሚችል ይጠይቁት። ወረቀቱ በሙሉ ተለውጦ ከሆነ ግን ጠርዝ ስለማይኖር ጥፍር አይረዳም፤ የሚያጋልጠው ስሙ ብቻ ነው።

ምልክት፦ ድረ ገጽ ይከፈታል

በስልኩ ካሜራ ሳይሆን በመክፈያው መተግበሪያ ውስጥ ስካን ያድርጉ። የባንክ መረጃ ወይም የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ ድረ ገጽ ከመጣ ምንም ሳይሞሉ ይዝጉት።

ምልክት፦ ከፍለዋል፣ ሱቁ ግን መልእክት አልደረሰውም

የኔትወርክ መዘግየት ሊሆን ስለሚችል በቅድሚያ በደረሰኝዎ ላይ ያለውን የተቀባይ ስም ይዩ። ስሙ የሱቁ ካልሆነ የግብይት ቁጥሩን ይዘው ወዲያውኑ ለአገልግሎት ሰጪው ይደውሉ፤ ገንዘቡ ወጪ ከተደረገ በኋላ ማስመለሱ ይከብዳል። ስቲከሩን ራስዎ አይላጡት፤ ባለቤቱ ፎቶ አንስቶ ለፖሊስ ማስረጃ እንዲያቆየው ይንገሩት።