በማሽን የተተረጎመ የጨረታ ማስታወቂያ ሲታረም የሚሠሩ ስህተቶች

ስታዲየም አካባቢ በሚገኝ የትርጉም ቢሮ አራሚ ነኝ። ደንበኞች አሁን አሁን እንግሊዝኛውን ብቻ ይዘው አይመጡም። ማሽን ያወጣውን አማርኛ ጨምረው «ትንሽ አስተካክሉልንና ለጋዜጣ እንላከው» ይላሉ። አዲስ የሚቀጠሩት አራሚዎች አማርኛቸው ያማረ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም የሚሰናከሉት ተመሳሳይ ቦታዎች ላይ ነው። ለማሳያ የጥበቃና የጽዳት አገልግሎት ለመግዛት የወጣ አንድ ማስታወቂያ ልያዝ።

ትልቁ ስህተት እንግሊዝኛውን ዘግቶ አማርኛውን ማሳመር ነው። ማስታወቂያው ላይ «ተጫራቾች ጨረታው ከተከፈተ በኋላ ሰነዳቸውን ላያነሱ ይችላሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። ጀማሪው «ላያነሱ» የሚለው ስላልጣመው «ላይወስዱ ይችላሉ» አደረገው። አሁን ዓረፍተ ነገሩ አማርኛ ሆኗል፣ ሐሳቡ ግን ስህተት ነው። እንግሊዝኛው የሚለው ክልከላ ነው። ማሽኑ ክልከላውን «ምናልባት» አድርጎ ተረዳው፣ አራሚው ደግሞ ምናልባቱን አስዋበው። በጨረታ ቋንቋ ይህ «ተጫራቾች ጨረታው ከተከፈተ በኋላ ያቀረቡትን ዋጋ መለወጥም ሆነ ራሳቸውን ከጨረታው ማግለል አይችሉም» ተብሎ ነው የሚጻፈው። ስለዚህ «ላይ» ወይም «ላያ» ብሎ ጀምሮ «ይችላል» ወይም «ይችላሉ» ብሎ የሚያልቅ ግስ ባያችሁ ቁጥር እጃችሁን ከኪቦርዱ አንሡና ወደ እንግሊዝኛው ተመለሱ። የሚያስገድደውን፣ የሚፈቅደውንና የሚከለክለውን ለዩ። የቃላት ውበት ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ሁለተኛው በአንድ ጊዜ ፈልጎ መተካት ነው። ማሽኑ የጨረታ ማስከበሪያን «የጨረታ ደህንነት» ብሎታል። አራሚው «ደህንነት» የሚለውን በሙሉ ሰነዱ ውስጥ «ማስከበሪያ» በሚለው ተካና ቡና ሊጠጣ ወጣ። ጨረታው የጥበቃ አገልግሎት መሆኑን አስታውሱ። ማሽኑ ጥበቃውንም «ደህንነት» ብሎት ስለነበር ሲመለስ «የማስከበሪያ ሠራተኞች የደንብ ልብስ» የሚል ጽሑፍ ጠበቀው። ቃሉ በእንግሊዝኛ አንድ ነው፣ በአማርኛ ግን ሁለት ሥራ ነው። አንድ በአንድ እያያችሁ ተኩ። የተለመደው ስያሜ ከጠፋባችሁ አትፍጠሩ። ለሕግ ቃላት አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን የሚታተምበትን ነጋሪት ጋዜጣ ክፈቱ፤ ለጨረታ አገላለጽ ደግሞ አዲስ ዘመን ላይ የወጡ ማስታወቂያዎችን አንብቡ።

አሁን ወደሚያበሳጨኝ ልምጣ፦ ሰዓትና ቀን።

እንግሊዝኛው ሰነድ ማስገቢያው የሚዘጋው «ማርች 10 ቀን 2025፣ ጠዋት 10፡00» ላይ ነው ይላል። ማሽኑ «መጋቢት 10 ቀን 2025 ዓ.ም ከጠዋቱ 10፡00 ሰዓት» አለ። አራሚው ከጠዋቱ 10 ሰዓት የሚባል ነገር እንደሌለ ያውቃል፤ ስለዚህ «ከቀኑ 10፡00 ሰዓት» ብሎ አረመው። ትክክለኛው ከጠዋቱ 4፡00 ነው። ስድስት ሰዓት ዘገየ! ይህ በልብ ወለድ የተፈጠረ አይደለም። ካዛንቺስ የሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ማስታወቂያ አውጥቶ ተጫራቹ የታሸገ ኤንቨሎፑን ይዞ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰ። ሣጥኑ የተዘጋው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ሰውዬው ማስታወቂያውን አውጥቶ ያሳያል፣ ጸሐፊዋ እንግሊዝኛውን ታሳያለች፣ ሁለቱም ያዩት ወረቀት ላይ የተጻፈውን ነው። ሰነዱን ሲያዘጋጅ የከረመ ሰው እንዲህ ይመለሳል? ለዚህ ተጠያቂው ማሽኑ አይደለም፤ የመጨረሻ እጅ የነበረው አራሚው ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የፈረንጅ ሰዓቱ ከ6 በላይ ከሆነ 6 ቀንሱ፣ 6 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 6 ጨምሩ። ከዚያ ጠዋት፣ ቀን፣ ምሽት ወይም ሌሊት የሚለውን ራሳችሁ ጻፉ፤ ማሽኑ የጻፈውን አትመኑ።

ቀኑም እንዲሁ ነው። ማርች ማለት መጋቢት አይደለም። ማርች 10 ቀን 2025 መጋቢት 1 ቀን 2017 ዓ.ም ነው። የወሩን ስም ብቻ ለውጦ ቁጥሩን የተወ ሰው አንባቢውን ዘጠኝ ቀን ያዘገየዋል። ዓመቱን ወደ 2017 አስተካክሎ «መጋቢት 10» የሚለውን የሚተው ደግሞ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ስህተቱ ከዚያ በኋላ ለማንም አይታይም። እኔ የምጠቀምበት መፈተሻ የሳምንቱ ቀን ነው። እንግሊዝኛው ሰኞ ካለ የእናንተም ቀን በካላንደር ላይ ሰኞ መዋል አለበት። መጋቢት 1 ቀን 2017 ሰኞ ነው፣ መጋቢት 10 ግን ረቡዕ ነው፤ እዚያው ትያዛላችሁ። ልዩነቱን በቃል ይዛችሁ አትሂዱ። 2019 ዓ.ም ጳጉሜን 6 ስለሆነች መስከረም 1 ቀን 2020 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፣ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻም ሁሉም ቀን በአንድ ይንሸራተታል።

የቃላት ቅደም ተከተልን በተመለከተ ጀማሪዎች ዓረፍተ ነገሩን ሳይቆርጡ ቃላቱን ወዲያና ወዲህ ያመላልሳሉ። የማሽኑ አማርኛ ይህን ይመስላል፦ «ተጫራቾች የጨረታ ደህንነታቸውን ሁኔታ በሌለው የባንክ ዋስትና ወይም ሲ.ፒ.ኦ መልክ ከተጠቀሰው ጊዜ በፊት ወይም በዚያ ጊዜ ማስገባት አለባቸው፣ ይህን አለማድረግ ውድቅ መደረግን ያስከትላል።» ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ አማርኛ እንዲህ ያለ ጭነት ከበዛበት አንባቢው እግረ መንገዱን ማን ምን እንደሚያደርግ ይጠፋበታል። ቁረጡት፦ «ተጫራቾች የጨረታ ማስከበሪያ በቅድመ ሁኔታ ላይ ባልተመሠረተ የባንክ ዋስትና ወይም በባንክ በተረጋገጠ ሲ.ፒ.ኦ ማስያዝ አለባቸው። ሰነድ የማስገቢያው ጊዜ ሰኞ መጋቢት 1 ቀን 2017 ዓ.ም ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት ላይ ያበቃል። እስከዚያ ድረስ ማስከበሪያ ያላስያዘ ተጫራች ከጨረታው ውጪ ይሆናል።» አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ግዴታ ይዟል፣ ባለቤቱም ታውቋል። «አለማድረግ መደረግን ያስከትላል» የሚለው ግን ማንንም ባለቤት አያደርግም።

«ሜክሲኮ ካሬ» ብሎ የሚያሳልፍ አራሚ አዲስ አበባን አያውቃትም፤ አደባባይ ነው።

«15 ቀናት» ሲል የሥራ ቀናት ይሁኑ ወይም ተከታታይ ቀናት እንግሊዝኛው ላይ እዩ። «እባክዎ» የሚለውን አውጡት፤ ማስታወቂያ አያባብልም። አዋጅ፣ ደንብና መመሪያ በማሽን እጅ ይቀያየራሉ፤ ቁጥሩንና ስያሜውን አንድ ላይ አመሳክሩ።

እርማቱ ሲያልቅ እንግሊዝኛውን ላላየ የሥራ ባልደረባ አማርኛውን ብቻ ስጡት። ምን ይዤ ልሂድ፣ የት፣ እስከ ስንት ሰዓት ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን እንግሊዝኛው አጠገብ ጻፉ። መልሱ ካልገጠመ፣ ወይም መልስ ለመስጠት ተመልሶ ሁለት ጊዜ ካነበበ፣ ያንን ዓረፍተ ነገር እንደገና ጻፉት።