ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት የደመረ ተማሪን መልስ እንዴት ማጣራት ይቻላል

በቅርቡ እዚህ ጅማ አንድ የጎረቤት ልጅ የቤት ሥራውን እንዳይለት ደብተሩን ይዞ መጥቶ ነበር። ከጥያቄዎቹ በአንዱ ሥር 1/2 + 1/4 = 2/6 ብሎ ጽፏል። ከሰረዙ በላይ ያሉትን ቁጥሮች፣ ማለትም ላዕሎቹን፣ ደምሮ 2 አገኘ፤ ከሰረዙ በታች ያሉትን ታህቶች ደምሮ ደግሞ 6 አገኘ። እንዲህ ያለውን ተማሪ «ደግመህ አስላው» ማለት አይጠቅምም፤ 1 እና 1 ሁለት፣ 2 እና 4 ስድስት መሆናቸው ትክክል ስለሆነ ደግሞ ቢያሰላውም ያንኑ መልስ ያመጣል። ስህተቱ ያለው በአደማመሩ ሳይሆን የተደመረው ነገር ምን እንደሆነ ባለመታየቱ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ምንም ሳያሰሉ መልሱን ከተደማሪዎቹ ትልቁ ጋር ማስተያየት ነው። ልጁን ቁጥሮቹን ትቶ ቡና እንዲያስብ ጠየቅሁት፦ እናትህ ከሄርማታ ገበያ ግማሽ ኪሎ ቡና ገዝተው ሩብ ኪሎ ቢያስጨምሩ በከረጢቱ ውስጥ ስንት ይኖራል? ሳያመነታ «ሦስት ሩብ» አለ። 2/6 ግን ሲቃለል 1/3 ስለሆነ አንድ ሲሶ ኪሎ ብቻ ነው፤ ይህም 333 ግራም ገደማ ሲሆን፣ መጀመሪያ ከተገዛው 500 ግራም እንኳ ያንሳል። ቡና ተጨምሮ ከረጢቱ ሊቀልል አይችልም። ሁለቱም ተደማሪዎች ከዜሮ የሚበልጡ እስከሆኑ ድረስ ድምሩ ከእያንዳንዳቸው መብለጥ አለበት።

ንጽጽሩ በዓይን የማይታይ ሲሆን ሁለቱን ክፍልፋዮች በአንድ ታህት መጻፍ ይገባል። ለምሳሌ ተማሪው 2/3 + 1/4 = 3/7 ብሎ ከጻፈ፣ 3/7 ከ2/3 መብለጥ አለመብለጡን ለማወቅ ሁለቱን በ21 እንጽፋቸዋለን፦ 3/7 ወደ 9/21፣ 2/3 ደግሞ ወደ 14/21 ይለወጣል። «ድምር» የተባለው ከተደማሪው አንሷልና መልሱ ውድቅ ነው።

ይህ ማጣሪያ ይህን ዓይነቱን ስህተት ፈጽሞ አያሳልፍም። ምክንያቱን የገለጠልኝ ልጁ ራሱ ነው። «ጋሼ፣ ከ10 ጥያቄ 7፣ ከ5 ጥያቄ ደግሞ 3 ባገኝ፣ ውጤቴ ከ15 10 ይሆን የለም እንዴ?» አለኝ። አዎ፣ ይሆናል። ነገር ግን እዚያ ላይ ሙሉው ራሱ አድጓል፤ አሥሩና አምስቱ ጥያቄዎች ተቀላቅለው 15 ሆነዋል። በዚህ መንገድ የሚገኘው 10/15 ከ3/5 በልጦ ከ7/10 የሚያንስ፣ በሁለቱ መካከል የሚቀመጥ የጋራ ውጤት እንጂ ድምር አይደለም። ላዕልና ታህት ለየብቻ ሲደመሩ መልሱ ምንጊዜም በሁለቱ ክፍልፋዮች መካከል ይወድቃል፤ ሁለቱ እኩል ከሆኑም ከእነርሱ ጋር እኩል ይሆናል፤ 1/2 + 1/2 በዚህ መንገድ 2/4፣ ማለትም ያው 1/2 እንደሚሆነው። በቡናው ጊዜ ግን ግማሹም ሩቡም የሚለኩት በዚያው በአንድ ኪሎ ነው። ስለዚህ የልጁ አሠራር ከቦታው ውጭ የዋለ እንጂ ከባዶ የመጣ እንዳልሆነ ሳይነገረው ቢታለፍ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ እንደሚመጣ እገምታለሁ።

ከዚህ በኋላ እርማቱ አጭር ነው። ታህት የቁራሹ ስም ነው፤ ሁለት ሩብና አንድ ሩብ ሦስት ሩብ ይሆናሉ እንጂ ሦስት ስምንተኛ የሚል ሰው የለም። ሲሶና ሩብ ግን ስማቸው ስለሚለያይ በቅድሚያ አንድ ስም ያስፈልጋቸዋል። የ3 እና የ4 ትንሹ የጋራ ብዜት 12 ነው፤ 2/3 ላዕሉም ታህቱም በ4 ሲባዛ 8/12፣ 1/4 በ3 ሲባዛ 3/12 ይሆናል፤ ድምሩም 11/12 ነው። ታህቱን ብቻ ወደ 12 ለውጦ ላዕሎቹን እንዳሉ የሚተው ተማሪ 3/12 ያገኛል፤ ይህም ከ2/3 ስለሚያንስ በዚያው ማጣሪያ ይያዛል።

ማጣሪያው የማይደርስበትም አለ። ተማሪው 2 × 4ን 7 ብሎ ቢሳሳት 7/12 + 3/12 = 10/12 ያገኛል፤ ይህ ከ2/3 ስለሚበልጥ የመጀመሪያውን ፈተና ያልፋል። ስለዚህ በመጨረሻ ከድምሩ አንዱን ተደማሪ ቀንሶ ሌላው መገኘቱን ማየት ያስፈልጋል። ከ11/12 ላይ 8/12 ሲቀነስ 3/12፣ ማለትም 1/4 ይቀራል። ከ10/12 ላይ ሲቀነስ ግን የሚቀረው 2/12፣ ማለትም 1/6 ነው፤ በጥያቄው ውስጥ ደግሞ 1/6 የለም።