ካሳ ጠያቂን «ሌባ» ሳይሉ ማስረጃ መጠየቅ፦ በደብዳቤ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ባለ አንድ የመድን ቅርንጫፍ፣ ክሌም ክፍል ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ያለ ፋይል አለ እንበል። ባለንብረቱ የመሐል ሜዳ ሰው ናቸው። ለአይሱዙ መኪናቸው የገቡት ሽፋን የጀመረው መጋቢት 16 ቀን 2017 ነው። መጋቢት 18 ጣርማ በር ላይ ጉም ወርዶ መኪናው ከመንገድ ወጣ፤ ጎኑም ተጎዳ። ውሉ ከጀመረ ሁለት ቀኑ መሆኑ ነው።

የጋራዡ ፕሮፎርማ ላይ ያለው ቀን ደግሞ 04/03/2025 ነው። ማርች 4 ብለን ካነበብነው የካቲት 25 ይሆናል፤ ከአደጋውም ከውሉም በፊት ማለት ነው። በዚያ ላይ የጉዳት ማሳወቂያ ቅጹ አደጋው የደረሰው «8፡00 ሰዓት» ነው ሲል፣ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት «ከምሽቱ 2 ሰዓት» ይላል።

ማንም የክሌም ሠራተኛ ይህን አይቶ ዝም አይልም። ጥያቄው ደብዳቤው እንዴት ይጻፍ የሚለው ነው።

ያዩትን ትቶ የጠረጠሩትን መጻፍ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። «ያቀረቡት ፕሮፎርማ ከአደጋው በፊት የተዘጋጀ ሆኖ ስለተገኘ ማብራሪያ እንዲሰጡ» ብሎ መጻፍ ጨዋ ይመስላል። ነገር ግን ፍርዱ ተሰጥቷል። «ሆኖ ስለተገኘ» የሚለው አነጋገር የተረጋገጠ ነገር ያስመስለዋል፤ እኛ ግን ያየነው ስምንት አሃዝና ሁለት ሰረዝ ብቻ ነው።

ያው 04/03/2025 ወርን በሚያስቀድም ኮምፒውተር ላይ ኤፕሪል 3 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 25። አደጋው ከደረሰ ልክ በሳምንቱ፣ ፕሮፎርማ ሊወጣ በሚችልበት ቀን ማለት ነው። ሰዓቱም እንዲሁ። ቅጹን የሞላው ሰው በእጁ ስልክ አቆጣጠር ሄዶ ማታ ስምንት ብሎ ከጻፈ፣ ፖሊስ ከምሽቱ ሁለት ካለው ጋር አንድ ሰዓት ነው። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ከሆነ፣ አንድን ሰው ከመጠርጠር በፊት ሰዓት አቆጣጠሩን መጠርጠር ይቀላል።

ስለዚህ ደብዳቤው ላይ የሚጻፈው በወረቀቱ ላይ የሚነበበው ብቻ ነው፦

«በፕሮፎርማው ላይ የሚታየው ቀን 04/03/2025 ነው። በጉዳት ማሳወቂያ ቅጹ ላይ የአደጋው ሰዓት 8፡00፣ በትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱ ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተብሎ ተጽፏል። ፋይሉን ለመመርመር እንድንችል ከዚህ በታች የተዘረዘሩትን እንዲያቀርቡልን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

እዚህ ውስጥ «አጠራጣሪ»፣ «እርስ በርሱ የሚጋጭ»፣ «ትክክለኛነቱ ያልተረጋገጠ» የሚል የለም። ውሉ ከጀመረ ሁለት ቀኑ ነው ተብሎም አልተጻፈም። ያ ቀን ባለንብረቱ የሚያስረዱት ነገር አይደለም፤ ውሉን የሰጠነው እኛ ነን፣ ቀኑም በእጃችን ነው። ደብዳቤው ውስጥ ከገባ የሚሠራው አንድ ሥራ ብቻ ነው፣ ሰውየውን መወንጀል።

መልሱን አብሮ መስጠት

ይህ የደግ ሰው ስህተት ነው። ላለማስቀየም ብለን «ቀኑ ማርች 4 ነው ወይስ ኤፕሪል 3? ምናልባት የኮምፒውተር ስህተት ይሆን?» ብለን እንጽፋለን። ባለንብረቱም «አዎ፣ ኤፕሪል 3 ነው» ብለው ይመልሳሉ። አለቀ። እውነት ይሁን አይሁን አላወቅንም። በኋላ እውነተኛ መልስ ቢመጣ እንኳ እኛው ያቀበልነው ስለሆነ ዋጋው ይቀንሳል።

ጥያቄው ክፍት ይሁን፣ የሚመልሰውም ወረቀቱን ያዘጋጀው ይሁን። «ፕሮፎርማው የተዘጋጀበትን ቀን፣ ወሩን በፊደል በመጻፍ፣ ጋራዡ በማኅተም እንዲያረጋግጥልን፤ መኪናው ወደ ጋራዡ የገባበትን ቀን የሚያሳይ የመረከቢያ ሰነድ ካለም ቅጂው እንዲያያዝ።» ወሩ በፊደል ከተጻፈ ቁጥሩ ሁለት ጊዜ አይነበብም። መረከቢያው ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፤ መኪናው መቼ እንደገባ የሚናገረው እሱ ነው። ለሾፌሩም «አደጋው ቀን ነበር ወይስ ማታ?» አንልም። «የአደጋውን ቀን፣ ሰዓትና ሁኔታ በራስዎ አገላለጽ ይጻፉልን» እንላለን። መብራት አብርቶ እንደነበር፣ ከደብረ ሲና መቼ እንደተነሳ፣ ማን እንዳነሳው ሳንጠይቀው ይመጣል።

ግልባጭ

ደብዳቤው ማር ቢሆን፣ ከግርጌው «ግልባጭ፦ ለሕግ አገልግሎት፣ ለወረዳው ፖሊስ» ካለ ሰውየው የሚያነቡት ያችን መስመር ነው። መኪናው በባንክ ብድር የተገዛ ሲሆን ለባንኩ ግልባጭ ማድረግማ ከመወንጀል አይተናነስም። ለውስጥ የሚሄድ ካለ በውስጥ ማስታወሻ ይሂድ። ፖሊስን የምንጠይቀው ነገር ካለ ደግሞ ለብቻው እንጻፍ፣ እሱም ላይ ስለ ባለንብረቱ ምንም ሳንል፦ «በሪፖርቱ ላይ የተጠቀሰውን የአደጋ ሰዓት እንድታረጋግጡልን።»

የአላላኩም ነገር አለ። ፖስታው ሳይታሸግ በሚኒባስ ሾፌር እጅ መሐል ሜዳ ከተላከ፣ ባለቤቱ ጋ ሳይደርስ ወሬው ቀድሞ ይደርሳል።

ካሳውን መዝጋት ወይም ቃል መግባት

ሁለቱም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይመጣሉ። «በአምስት ቀን ውስጥ ካላቀረቡ ጥያቄዎን እንደተዉ ይቆጠራል» ማስፈራሪያ ነው፤ ውሉ ይህን ካላለ ደግሞ መሠረትም የለውም። «ሰነዱን እንዳመጡ ይከፈልዎታል» ደግሞ እጅን ማሰር ነው። ሰነዱ መጥቶ ሌላ ጥያቄ ቢወልድ ምን ልንል ነው?

መሃሉ እንዲህ ነው፦ «ይህ ደብዳቤ የካሳ ጥያቄዎን መቀበልም ሆነ አለመቀበል አይደለም፤ በውሉ መሠረት የሁለታችንም መብትና ግዴታ እንደተጠበቀ ነው። ሰነዶቹን እስከ… ቀን ቢያቀርቡልን ምርመራውን ለመቀጠል ያግዘናል። ጊዜ ካነሰዎት ያሳውቁን።» ኩባንያው የራሱ ቃል ካለው በእሱ ይተካ።

ሁሉንም መጠየቅ፣ ወይም አንድ አንድ እያሉ መጠየቅ

ሊብሬ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ቦሎ፣ የንግድ ፈቃድ፣ መታወቂያ… ፋይሉ ውስጥ ያለውን እንደገና መጠየቅ ማንገላታት ነው፤ ሰውም ይህን እንደ ጥርጣሬ ነው የሚያነበው። በሌላ በኩል ዛሬ የጋራዥ ማረጋገጫ፣ ከሳምንት በኋላ የሾፌር ቃል እያሉ ከመንዝ ደብረ ብርሃን ማመላለስም አለ። ከላይ ያለው ፋይል የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፣ የጋራዡን ማረጋገጫ ከመረከቢያው ጋርና የሾፌሩን ቃል። በአንድ ደብዳቤ፣ ከእያንዳንዱ አጠገብ ለምን እንደተፈለገ በአንድ መስመር።

መልሱ ካላረካ ሌላ ደብዳቤ መጻፍ

ጋራዡ «መጋቢት 25» ብሎ በማኅተም ቢመልስ፣ መረከቢያውም መጋቢት 20 ቢል፣ የቀኑ ጉዳይ ተዘጋ። መረከቢያው የካቲት ላይ ከሆነ ግን ሌላ «ማብራሪያ ይስጡን» የሚል ደብዳቤ አይጠቅምም። እዚያ ላይ የወረቀት ሥራ ያበቃና የሰርቬየር ሥራ ይጀምራል፦ ጎኑ ላይ ያለው ጉዳት ጣርማ በር ላይ ከተባለው አወዳደቅ ጋር ይሄዳል? የተሰበረው ቦታ ዝጓል? ለባለንብረቱ የሚደርሳቸው ቃል አሁንም አጭር ነው፦ «ያቀረቡት ሰነድ ደርሶናል፤ መኪናውን ባለሙያ እንዲመለከተው ስለወሰንን እስከዚያ ጥገናው እንዳይጀመር እንጠይቃለን።»