የሠርግ ወጪና የእንግዳ ብዛት ሁለት ቤተሰብ ሲያጋጭ እንዴት ይፈታል?

ሽማግሌ ሆኜ ስላክ ቆይቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ደብረ ብርሃንና ዙሪያዋ ነው፤ አልፎ አልፎ ወደ እነዋሪም፣ ወደ መሐል ሜዳም፣ ወደ ሸዋ ሮቢትም እወርዳለሁ። ልጅቷን መጠየቅ ከባድ ሆኖ አያውቅም። አባትየው «ቤተ ዘመድ ላማክር» ብለው ይቀጥሩናል፣ በቀጠሮው ቀን እንሄዳለን፣ እሺ ይባላል፣ እንመራረቃለን። ጠቡ የሚመጣው ከእሺታው በኋላ ነው፦ ድግሱ የት ይሁን? ስንት ሰው ይጠራ? ማን ይክፈል?

እንዲህ ያለ ጉዳይ ከእጃችሁ ከገባ ቅደም ተከተሉ እንደሚከተለው ቢሆን ይሻላል።

አንደኛ፦ ቀኑ ከመቆረጡ በፊት ስለ ድግሱ ይነጋገሩ

በምርቃቱ ቀን ሁሉም ጨዋ ነው። «እንደ አቅማችን እንደግሳለን» ይባልና ይለያያሉ። አንዱ ቤት አቅሙን በሁለት በሬ ያሰላል፣ ሌላው በአንድ አዳራሽ። ስለዚህ አባትየው «አማክሬ ልንገራችሁ» ብለው በሰጡት ቀጠሮና በመልሱ ቀን መካከል፣ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው ብቻ ይገናኝ። አባቶቹ ባይሆኑ እመርጣለሁ። አባት ፊት ለፊት ተቀምጦ «ይህን ያህል አልችልም» ማለት ይከብደዋል። አጎት ወይም ታላቅ ወንድም ግን ይለዋል።

ቀለበት የሚባለውን ለብቻው አትደግሱ። የሽማግሌው መልስ ቀን ላይ አጣምሩት። ቀለበቱንና መጠጡን የወንዱ ወገን ይዞ ይሄዳል፣ ምሳውን የሴቷ ቤት ያቀርባል፣ አለቀ። ለቀለበት ብቻ ድንኳን ተክለው የሠርጉን ገንዘብ የበሉ ቤቶች አይቻለሁ።

ሁለተኛ፦ ስለ ብር ሳይሆን ስለ ስም ተነጋገሩ

ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አደርገዋለሁ።

የወንዱ ቤተሰብ ከተማ የሚኖር ከሆነ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላል፦ «ደብረ ብርሃን አንድ አዳራሽ እንከራይ፣ ሁለታችንም አንድ ላይ እንደግስ፣ ወጪውን እኩል እንካፈል።» ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል። የገጠር አባት ግን ይከፋል። የወንዱ ወገን ደግሞ «አባትየው ስስታም ናቸው» ብለው ይደመድማሉ። ተሳስተዋል።

እኚህ አባት ሃያና ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ሠርግ በልተዋል። ብር ሰጥተዋል፣ እንጀራ በመሶብ ልከዋል፣ ጠላ አስጠምቀው አስይዘዋል። የሰጡት ሁሉ የሰዎቹ ደብተር ላይ አለ። የልጃቸው ሠርግ ማለት ያ ሁሉ የሚመለስበት፣ እሳቸውም የበሉትን የሚያበሉበት ቀን ነው። «ሰው ይቀነስ» ስትሏቸው «የሰው እዳ ይዘው ይቅሩ» እንዳላችኋቸው ነው የሚሰማቸው። ደግሞም ጎረቤቱን ሁሉ ጭነው ከእነዋሪ ደብረ ብርሃን ሊያመጡት አይችሉም።

ስለዚህ «ስንት ሰው?» ብላችሁ አትጠይቁ። «እነማን?» በሉ። ደብተርና እስክሪብቶ ይቅረብ፣ ስም በስም ይጻፍ።

አንድ ጉዳይ በምሳሌነት ላንሳ። የወንዱ ወገን ደብረ ብርሃን ናቸው፣ የሴቷ ቤት ሞረትና ጅሩ ውስጥ ገበሬ። ወንዶቹ 300 ሰው በአዳራሽ፣ ወጪ እኩል አሉ። አባትየው ዳሱ ከቤቴ በር ካልተጣለ ብለው ቁጭ አሉ። ሁለት ጊዜ ሄደን ያለ ውጤት ተመለስን። በመጨረሻ የልጅቷ ታናሽ ወንድም የትምህርት ቤት ደብተሩን አውጥቶ አባቱ የሚጠሩለትን ስም መጻፍ ጀመረ። 480 ስም ወጣ።

ከዚያ ስሙን አንድ በአንድ መልሶ አነበበላቸውና ሦስት ምልክት አደረገ። ባይጠሩ የሚቀየሙት፣ ማለትም ቤተ ዘመዱ፣ እድርተኛው፣ የማኅበር ሰዎችና የበሉበት ቤት ሁሉ 260 ሆኑ። ለሠርጉ ቀን ባይመጡ ለመልስ ቢጠሩ ደስ የሚላቸው 120። የቀሩት 100 ስማቸው ሲነበብ አባትየው ራሳቸው «ኧረ ይሄ እንኳ አዲስ አበባ ገብቷል»፣ «ይሄ እኔን መች ጠርቶኝ ያውቃል» እያሉ ያስወጧቸው ናቸው። እኛ አንድ ሰው ቀንሱ አላልንም።

ቀጥሎ የአጃቢ ቁጥር መጣ። ሙሽራው «60 ሰው ይዤ እመጣለሁ» ብሎ ነበር። እዚህ ላይ አቋራጭ አለ፦ አጃቢን በሰው አትቁጠሩ፣ በመኪና ወንበር ቁጠሩ። አንድ ኮስተርና ሁለት አውቶሞቢል ተባለና 35 ላይ ቆመ። በእግሩ ወይም በራሱ መኪና ተከትሎ የሚመጣ እንዳይኖር ሙሽራው ቃል ገባ። ይህ ቃል ካልተያዘ ማዕድ ላይ ውርደት ይመጣል፤ የሴት ቤት እናቶችም ያን ቀን አይረሱትም።

አሁን ሂሳቡን ተመልከቱ። በፊት 480 እና 60፣ ድምሩ 540 ነበር። ለዚያ ሁለት በሬ ያስፈልጋል። አሁን 260 እና 35፣ ድምሩ 295 ነው። ከአንድ ደህና በሬ ከነአጥንቱ 110 ኪሎ ያህል ሥጋ ቢወጣ፣ ለአንድ ሰው ከሦስት መቶ ግራም በላይ ይደርሰዋል፤ ይበቃል። መልሱ 120 ሰውና ከወንዱ ወገን የሚጠሩ 20 ዘመዶች ነው። ለሱ አራት የመንዝ በግ ተያዘ። ሁለቱ ቤተሰቦች አንድ ወር ሙሉ የተኮራረፉት በአንድ በሬ ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛ፦ ማን ምን ይክፈል

እኩል ይካፈሉ የሚለውን አልወደውም። ሁለቱ ቤት እኩል ሰው አይጠራም፣ ወጪውም አንድ ዓይነት አይደለም። እኔ የማውቀው የሚሠራ ደንብ ይሄ ነው፦ እያንዳንዱ ቤት የራሱን እንግዳ በራሱ ቤት ያብላ። የሴት ቤት ዳሱን፣ የሠርጉን ቀን ምሳና መልሱን ይዞ፣ የወንዱ ቤት ማታ ሙሽሪት ስትገባ የሚበላውን ይይዛል። የሰው ብዛት የማይለውጠው ወጪ ግን፣ ማለትም ቬሎው፣ ሱፉ፣ ካሜራው፣ መኪናውና ማስዋቢያው የሙሽራው ወይም የሁለቱ ሙሽሮች ነው። ጥሎሹም የወንዱ ወገን ነው፤ ሲመጣ ሰው ፊት ስለሚዘረጋ ምን ምን እንደሚሆን ለሴቷ እናት አስቀድሞ ሹክ ቢባል ጥሩ ነው።

ከዚህ ውጪ የሚመጣ ነገር ሁሉ የፈለገው ይክፈል። እህቱ ዲጄ አማራት? እሷ ትክፈል። የአክስት ልጅ ድሮን ካሜራ ካልመጣ ሞቼ እገኛለሁ አለ? ያምጣው። ይህን ደንብ ስትናገሩ ግማሹ ፍላጎት በዚያው ይጠፋል።

የግድ የጋራ አዳራሽ ከሆነ ክፍያው በወንበር ይሁን። ከ300 ወንበር የሴቷ ወገን 90 ከወሰደ የዘጠናውን ይክፈል፣ ግማሹን አይደለም።

አራተኛ፦ ተረስተው ጠብ የሚያመጡ ነገሮች

የሙስሊም እንግዳ ማዕድ። ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬና ወደ ቆላው ሲወረድ ጎረቤቱ ድብልቅ ነው። ለብቻ የሚታረድ በግ ወይም ፍየል፣ ለብቻ ድስት፣ ለብቻ የሚያበስል ሰው ያስፈልጋል። ከዝርዝሩ ውስጥ ካልተጻፈ የሠርጉ ዋዜማ «ይህን ማን ይግዛ?» ተብሎ መነታረክ ነው። ምልክት ያደረጋችሁበት ደብተር ላይ እነሱን ለይታችሁ ቁጠሯቸው።

የእድር ዕቃ። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ትልልቅ ድስት ከእድር ስለሚገኝ ከመከራየታችሁ በፊት ጠይቁ። ጥር ላይ ግን ሰው ሁሉ ስለሚያገባ ቀድማችሁ አስይዙ።

የገንዘብ መምጫ ጊዜ። ገበሬው ብር የሚይዘው ጤፉ ተወቅቶ ሲሸጥ ነው፤ ስለዚህ ከጥምቀት በኋላ እስከ ሁዳዴ ያለው ጊዜ ይመቸዋል። ከፋሲካ በኋላ ሚያዝያ ይሁን ስትሉት እህሉን ጨርሶ ሊሆን ይችላል፣ አፍ አውጥቶ ግን አይነግራችሁም። «አይሆንም» ሲል ምክንያቱ ይሄ መሆኑን ጠርጥሩ። በሬውም ለበዓል ሰሞን ስለሚወደድ ቀደም ብሎ ተገዝቶ ቢቀለብ ይሻላል።

አምስተኛ፦ በወረቀት አስፍሩት፣ የስጦታውን ብርም ለዩ

አንድ ገጽ ይበቃል፦ የየቤቱ የእንግዳ ቁጥር፣ የአጃቢ ወንበር፣ ማን ምን እንደያዘ፣ መልሱ መቼ እንደሆነ። ሽማግሌዎቹ አንድ ቅጂ ይያዙ። ፊርማ አልጠይቅም፤ ከእሺታው ቀን ምርቃት በፊት ጮክ ተብሎ ቢነበብ ይበቃል። ያን ጊዜ ዝም ያለ ሰው በኋላ «አልሰማሁም» አይልም።

የመጨረሻው የፖስታው ጉዳይ ነው። አንድ የጋራ አዳራሽ ሠርግ ላይ በር ላይ አንድ ሳጥን ተቀምጦ የሁለቱም ወገን እንግዳ ፖስታውን እዚያው ሲከት ዋለ። ፖስታ ላይ ስም የጻፈው ጥቂቱ ነው። ማታ ሲከፈት የሴቷ አባት «የኔ ሰዎች የሰጡትን እኔ ነኝ ነገ የምመልሰው» አሉ፤ የወንዱ ወገን «ለሙሽሮቹ የተሰጠ ነው» አሉ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ሙሽሮቹ ገና ጫጉላ ላይ ሳሉ ቤተሰቦቹ ተዘጋጉ።

ስለዚህ ሁለት ሳጥን፣ ሁለት ደብተር፣ በየሳጥኑ አጠገብ አንድ ጸሐፊ ይቀመጥ። ጸሐፊው ሁሉን የሚያውቅ የቤቱ ሰው ቢሆን ጥሩ ነው፤ ፖስታው ስም ሳይጻፍበት ከመጣ «የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ አያፍርም። ከሚገኘው ምን ያህሉ ለሙሽሮቹ፣ ምን ያህሉ ለደጋሹ ቤት እንደሚሆንም ከላይ ባልኩት ወረቀት ላይ አብሮ ይስፈር። ሂሳቡን በማግስቱ ከማድረግ መልሱ ካለቀ በኋላ ማድረግ ይሻላል፤ እስከዚያ ሳጥኑ እንደታሸገ ሽማግሌ ቤት ይደር።