የቱርክኛ ንግግር በአማርኛ ድምፅ እንዴት ይተካል? ከንፈሩ እንዳይከዳ

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከፊልሙ ባለቤት ሁለት ነገር ይጠየቃል። አንዱ ዋናው ንግግር ያለበት ምስል ነው፤ ሌላው ንግግር የሌለበት የሙዚቃና የኢፌክት ትራክ ነው። ሁለተኛው ከሌለ ቱርክኛውን ሲያጠፉት የእግር ኮቴው፣ የበሩ ድምፅና ሙዚቃው አብረው ይጠፋሉ፤ ሁሉንም እንደ አዲስ መሥራት ይመጣል።

ጽሑፉ

እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ካና ቴሌቪዥን ካስለመደን በኋላ የቱርክ ድራማ በአማርኛ ማየት የተለመደ ሆኗል። ሁለቱም ቋንቋዎች ግሳቸውን ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጡ ፊት ላይ የሚታየው ስሜትና ቃሉ ብዙ ጊዜ ራሳቸው ይገናኛሉ። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። በቱርክኛ «ሴን» ማለት አንተም አንቺም ነው፤ «ሲዝ» ደግሞ እናንተም እርስዎም ይሆናል። ስለዚህ ምስሉን ሳያይ ከወረቀት ብቻ የሚተረጉም ሰው ሴቷን «ና» ሊላት ይችላል።

ከንፈርን በተመለከተ በቅርብ ቀረጻ ዓይን የሚይዘው ጥቂት ድምፅ ነው። መ፣ በ፣ ፐ እና ጰ ሲነገሩ ከንፈር ይገጥማል። ፈ እና ቨ ሲነገሩ የታችኛው ከንፈር የላይኛውን ጥርስ ይነካል። ካዕብና ሳብዕ ከንፈርን ያሞጠሙጣሉ። ከ፣ ገ፣ ቀ እና ሀ ውስጥ ስለሚቀሩ በእነሱ ላይ ነፃ ነዎት። ተናጋሪው ራቅ ብሎ ከቆመ ወይም ጀርባውን ከሰጠ ደግሞ መነሻውና ማብቂያው ብቻ ይበቃል።

አንድ መስመር እንሥራ፦ «ቡራያ ቢር ዳሃ ጌልሜ»። ትርጉሙ «ሁለተኛ እዚህ እንዳትመጣ» ነው። ቱርክኛው 8 ቀለም፣ ማለትም በአንድ ትንፋሽ የሚባል 8 የድምፅ ቁራጭ አለው፤ ከንፈር የሚገጥመው በ1ኛው (ቡ)፣ በ4ኛው (ቢር) እና በ8ኛው (ሜ) ላይ ነው። ቀጥተኛው ትርጉም 10 ቀለም ስለሆነ ይረዝማል፤ አፉ ሲገጥምም «ሁ» ይሰማል። «በቃ ደግመህ እንዳትመጣ» ብንልስ? 8 ቀለም ነው፤ «በ» 1ኛው ላይ፣ «መህ» 4ኛው ላይ ያርፋሉ። «እዚህ» የሚለው ቀርቷል፤ ግን ሰዎቹ በሩ ላይ ቆመው ስለሚታዩ ተመልካቹ አያጣውም። የቀረው «መ» 7ኛው ላይ መዋሉ ነው፤ ተዋናዩ «እንዳት» የሚለውን ትንሽ ጎተት አድርጎ «መጣ»ን ቶሎ ቢል ይስተካከላል።

ቀለም የሚቆጠረው በአፍ እንጂ በፊደል አይደለም። «እንዳትመጣ» 6 ፊደል ነው፤ ሲነገር ግን 4 ቀለም ነው።

ቀረጻው

ፕሮጀክቱን በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ይክፈቱ፤ የፍሬሙን ፍጥነት ከቪዲዮው ጋር እኩል ያድርጉ። ከመስመሩ በፊት በአንድ ሰከንድ ልዩነት 3 ጢጥታ ያስገቡ፤ ተዋናዩ 4ኛው ሊሰማ በሚገባበት ቅጽበት ይጀምራል። ዋናውን ድምፅ በአንድ ጆሮ ማዳመጫ ያሰሙት፤ አለበለዚያ ማይኩ ውስጥ ይገባል። ማይኩን ለሹክሹክታ አንድ ስንዝር፣ ለጩኸት ክንድ ያህል ያርቁት። ትንፋሽ፣ ሳቅና ልቅሶም ይቀረጹ። እነዚህ በአብዛኛው በኢፌክት ትራኩ ላይ አይገኙም፤ ሲቀሩ ፊቱ ሕይወት ያጣል።

ማገጣጠሙ

ድምፁን ከከንፈሩ ጋር ሲያስተካክሉ ከቃሉ መጀመሪያ ይልቅ የገጠሙትን ከንፈሮች መለያ ያድርጉ። በሰከንድ 25 ፍሬም ከሆነ አንዱ ፍሬም 40 ሚሊሰከንድ ነው። ሰው ድምፁ ከምስሉ 45 ሚሊሰከንድ ያህል ሲቀድም ይነቃል፤ ሲዘገይ ግን እስከ 125 ሚሊሰከንድ ድረስ ላያስተውል ይችላል። ስለዚህ ከተጠራጠሩ ድምፁን ትንሽ ያዘግዩት እንጂ አያስቀድሙት።

ሪፐር በሚባለው የድምፅ መቅረጫ ፕሮግራም `Shift+W` የመለጠጫ ምልክት ይተክላል። ሲለጥጡ አናባቢውን ብቻ ይንኩ። በአማርኛ ጥብቀት ትርጉም ነው፤ «አለ» ውስጥ ላላ ያለው «ለ» ከተለጠጠ «ተናገረ» የነበረው «ይገኛል» ይሆናል። ብዙ መለጠጥ ካስፈለገ ድምፁ መሰንጠቅ ወይም ማስተጋባት ሊጀምር ይችላል፤ ያኔ መስመሩን እንደገና ጽፎ መቅረጽ ይሻላል።

ድምፁ የተቀረጸው ጸጥ ባለ ክፍል ስለሆነ የመንገድ ላይ ንግግር ከጓዳ የመጣ ሊመስል ይችላል። በቱርክኛው ውስጥ ንግግር የሌለበትን ቦታ ፈልገው የአካባቢውን ድምፅ ይቁረጡና በአማርኛው ሥር ያንጥፉት፤ የክፍል ማስተጋባትም በልኩ ይጨምሩ።

የተቀላቀለውን ድምፅ ምስሉን ሳይነኩ ffmpeg በሚባለው ፕሮግራም ለመተካት ይህን ትእዛዝ ይጻፉ፦

```
ffmpeg -i film.mp4 -i amharic.wav -map 0:v:0 -map 1:a:0 -c:v copy -c:a aac -b:a 192k -metadata:s:a:0 language=amh out.mp4
```

በመጨረሻ ፋይሉን ቱርክኛ ለማይሰማ ሰው በስልክም በቴሌቪዥንም ያሳዩ። ዓይኑ ከተናጋሪው ፊት ወደ አፉ የወረደበትን ደቂቃ ይመዝግቡ፤ ተመልሰው የሚያስተካክሉት መስመር እዚያ ነው።