ሁለት ዳይፖል በአንድ ጣሪያ፦ ባዶውን አቅጣጫ የሚያበላሹ ስህተቶች

ድሬዳዋ ላይ ሁለት የኤፍኤም ጣቢያዎች በተቀራራቢ ቁጥር ሲገቡ ጠንካራው ደካማውን ይውጠዋል። አብዛኛው ሰው ደካማውን ለማጉላት ይሮጣል፤ ማጉያ ግን ሁለቱንም እኩል ስለሚያጎላ ነገሩ እዚያው ነው። የሚሻለው ጠንካራውን ማፈን ሲሆን ለዚህም ዳይፖል የሚባሉ ሁለት ተመሳሳይ ባለሁለት ክንድ አንቴናዎች ይበቃሉ። ሲጣመሩ ከአንድ አቅጣጫ የሚመጣውን ሞገድ ያጠፋሉ፤ ያንን አቅጣጫ «ባዶ» እንለዋለን።

መነሻችን 100 ሜጋኸርዝ ይሁን። የሞገዱ ርዝመት 3 ሜትር ነው። እያንዳንዱ ዳይፖል 71 ሴንቲሜትር ገደማ የሆኑ ሁለት ክንዶች ይኖሩታል። ሁለቱም ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ በመካከላቸው የግማሽ ሞገድ ርቀት፣ ማለትም 1.5 ሜትር ይኖራል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄደውን አግድም መስመር «መስመሩ» እንበለው።

«ተቃራኒ ፌዝ ከሆነ ሁሉም ይጠፋል» ማለት

ከመስመሩ ጎን፣ በ90 ዲግሪ የሚመጣ ሞገድ ሁለቱን ዳይፖሎች እኩል ሰዓት ላይ ይነካል። በመስመሩ በኩል የሚመጣው ግን አንዱን ነክቶ ሌላው ጋ ለመድረስ 1.5 ሜትር ይቀረዋል፤ እዚያ ሲደርስ የመጀመሪያው ላይ ያለው ሞገድ ግማሽ ዑደት ተጉዞ ተገልብጧል። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ፌዝ፣ ማለትም አንዱም ሳይገለበጥ ከተጣመሩ የጎኑ ይደመራል፣ የመስመሩ ይጠፋል። በተቃራኒ ፌዝ፣ ማለትም የአንዱ ሞገድ ተገልብጦ ከተጣመሩ የጎኑ ይጠፋል፣ የመስመሩ ይደመራል። የሚጠፋው አንድ አቅጣጫ እንጂ ሁሉም አይደለም።

ሁለቱን ባዶዎች እኩል አድርጎ ማየት

ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም አሠራሮች ባዶ አቅጣጫ ይሰጣሉ፤ የባዶው ስፋት ግን በጣም ይለያያል።

በአንድ ፌዝ ሲጣመሩ በመስመሩ በኩል ያለው ባዶ ሰፊ ነው። አነጣጠርዎ በ10 ዲግሪ ቢስት እንኳ የሚያልፈው ቮልቴጅ ከከፍተኛው 2.4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ በ20 ዲግሪ ቢስት 10 በመቶ አይሞላም። በተቃራኒ ፌዝ ያለው የጎን ባዶ ግን ጠባብ ነው፤ በ5 ዲግሪ ስተው 14 በመቶ፣ በ10 ዲግሪ ስተው 27 በመቶ ገደማ ያልፋል። እንግዲህ በዓይን ግምት የሚያነጣጥር ሰው አንድ ፌዝ ይምረጥ፣ መስመሩንም ወደ ረባሹ ጣቢያ ያዙረው።

ታዲያ ተቃራኒ ፌዝ መቼ ይጠቅማል? ረባሹና የሚፈለገው በአቅጣጫ ሲቀራረቡ ነው። ከድሬዳዋ ሲታይ ሐረር በ140 ዲግሪ ገደማ፣ ጅግጅጋ ደግሞ በ105 ዲግሪ ገደማ ላይ ናቸው፤ ልዩነታቸው 35 ዲግሪ ብቻ ነው። ከሐረር በኩል የሚመጣውን አፍነን ከጅግጅጋ በኩል ያለውን መስማት ፈለግን እንበል። በአንድ ፌዝ መስመሩን ወደ ሐረር ብናዞር ሰፊው ባዶ የጅግጅጋውንም ይዞት ይሄዳል፤ የሚተርፈው 28 በመቶ ገደማ ነው። በተቃራኒ ፌዝ ጎኑን ለሐረር ብንሰጥ ግን ከጅግጅጋ በኩል 78 በመቶ ገደማ ይገባል። ጠባብነቱ እዚህ ይክሳል፤ ዋጋው በጥንቃቄ ማነጣጠር ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። ሰፊው ባዶ በርቀቱ ላይ ያረፈ ነው። ለ100 ሜጋኸርዝ የተሠራው በ90 ሜጋኸርዝ ሲሞከር በመስመሩ በኩል 16 በመቶ ገደማ ያሳልፋል። የተቃራኒ ፌዝ የጎን ባዶ ግን ቁጥሩ ቢቀየርም ቦታውን አይለቅም፤ ተቃራኒነቱ የመጣው በኬብል ርዝመት ሳይሆን በመገልበጥ ከሆነ።

ኬብሉን በአየር ሞገድ መቁረጥ

ተቃራኒ ፌዝ የሚፈልግ ሰው አንዱን ኬብል በግማሽ ሞገድ ያስረዝምና 1.5 ሜትር ይጨምራል። ኬብል ውስጥ ግን ሞገዱ ይዘገያል። ውስጡ ፎም የሆነው የተለመደው የዲሽ ኬብል ላይ ፍጥነቱ ከአየሩ 0.82 አካባቢ ስለሆነ የሚጨመረው 1.23 ሜትር ነው። 1.5 ሜትር ከጨመሩ ፌዙ 180 መሆኑ ቀርቶ 220 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ባዶው ከጎኑ 13 ዲግሪ ያህል ተንሸራቶ ይቀመጣል፣ በእውነተኛው ጎን በኩል ደግሞ አንድ ሦስተኛው ቮልቴጅ ያልፋል። ሰውየው ታዲያ «ይሄ ነገር አይሠራም» ብሎ ያወርደዋል።

ይህን ሁሉ ልፋት የሚያስቀር መንገድ አለ። ኬብሎቹን እኩል ይቁረጡና አንዱን ዳይፖል ከላይ ወደ ታች ይገልብጡት። ከውስጠኛው ሽቦ ጋር የተያያዘው ክንድ በአንዱ ወደ ላይ፣ በሌላው ወደ ታች ሲሆን ተቃራኒ ፌዝ ሆነ ማለት ነው። የዚሁ ግልባጭ ስህተትም አለ፤ አንድ ፌዝ ፈልጎ ሳያስተውል አንዱን ገልብጦ ማሰር። ስለዚህ የውስጠኛውን ሽቦ ክንድ ቀለም ይቀቡት። ኬብሉም ከዳይፖሉ ወዲያው ወደ ታች አይውረድ፤ ከታችኛው ክንድ ጋር ጎን ለጎን ከወረደ እሱም አንቴና ይሆናል። ቢያንስ አንድ ሜትር በአግድም ይሂድ።

ያገኙትን ማጣመሪያ መጠቀም

ሁለቱን ኬብሎች እንዲሁ ጠምዝዞ ማሰር አያዋጣም። የቴሌቪዥን ስፕሊተር በግልባጩ ይሠራል፤ ሁለቱ መውጫዎች መግቢያ ይሆናሉ። ግን ሰውነቱ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ከሚያገኟቸው መካከል ከ950 ሜጋኸርዝ በላይ ብቻ የሚሠሩ የሳተላይት ስፕሊተሮች አሉ፤ ለኤፍኤም አይሆኑም። ከ5 እስከ 1000 ሜጋኸርዝ የሚለውን ይምረጡ። ዳይሴክ ስዊች ደግሞ ከነጭራሹ ማጣመሪያ አይደለም፤ አንዱን መርጦ ሌላውን ይዘጋል።

ርቀቱን ማስፋት

ዳይፖሎቹ ሲራራቁ የበለጠ የሚስብ ይመስላል። 3 ሜትር ካራራቋቸው ግን በአንድ ፌዝ ይጠፋ የነበረው የመስመሩ አቅጣጫ መልሶ ይደመራል፤ ባዶዎቹ ከመስመሩ 60 ዲግሪ ወደሚርቁ አራት ቦታዎች ይዞራሉ። ረባሹን እናፍናለን ብለን በሩን ከፈትንለት ማለት ነው።

በካርታ አነጣጥሮ መተው

ከድሬዳዋ በስተደቡብ ያለው የተራራ ግድግዳ ሞገዱን ያጥፈዋል፣ ያንጸባርቀዋል። የሐረር ጣቢያ በትክክል ከ140 ዲግሪ ላይመጣ ይችላል። ካርታው ለመነሻ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱን ዳይፖሎች የያዘውን አግዳሚ እንጨት በትንሽ በትንሹ እያዞሩ መስማት ነው። የኤፍኤም ሬዲዮ የሲግናሉ መጠን ቢቀንስም ድምፁን እኩል ስለሚያወጣ በድምፅ ከፍታ አይፍረዱ፤ በረባሹ ጣቢያ ላይ የሽሽታ ድምፅ ሲጀምር ባዶው እየቀረበ ነው።

የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የውኃ ታንከር ብረትና አንዱ ዳይፖል ጎን ብቻ የቆመ የብረት ምሰሶ ሁለቱን እኩል እንዳይሆኑ ያደርጓቸዋል። አንዱ ከሌላው በ10 በመቶ ብቻ ቢያንስ እንኳ በባዶው በኩል ከድምሩ 5 በመቶ ገደማ ያመልጣል። ይህ ለአብዛኛው ጉዳይ ይበቃል፤ ልዩነቱ 40 በመቶ ሲሆን ግን ሩቡ ስለሚያልፍ ባዶ የሚባል ነገር አይኖርም። ጥርጣሬ ካለዎት መጀመሪያ ከጣሪያ ርቀው ሜዳ ላይ ይሞክሩት። የደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ለዚህ ምቹ ነው፣ በበጋ ከሆነ፤ የ1998ን የክረምት ጎርፍ የሚያስታውስ ሰው በሐምሌና ነሐሴ እዚያ ዕቃ ዘርግቶ አይቀመጥም።

ሁሉም ተገጥሞ ሳለ አንዱን ዳይፖል ሲገለብጡ የሚሰማው ምንም ካልተለወጠ ስለ ፌዝ መጨነቅ ያቁሙ። እየሠራ ያለው አንድ ዳይፖል ብቻ ነው፤ የሁለተኛውን ኬብል ጫፍ ይፍቱና የውጪው መረብ ክር ከውስጠኛው ሽቦ ጋር ተነካክቶ እንደሆነ ይዩ።