የኢንፌክሽን ኦዲትን በአንድ ገጽ ለማኔጅመንት እንዴት ማቅረብ ይቻላል?

ለማኔጅመንት ያቀረብኩት የመጀመሪያው የኢንፌክሽን ኦዲት 14 ስላይድ ነበረው። ስድስተኛው ላይ ስደርስ የፋይናንስ ኃላፊው ሰዓታቸውን አየት አድርገው «እሺ፣ ከእኛ የምትፈልጉት ምንድን ነው?» አሉኝ። መልሱ 13ኛው ስላይድ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ የምይዘው አንድ ኤ4 ወረቀት ብቻ ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ጉዳዩ በኦፕሬሽን የወለዱ እናቶች የቁስል ኢንፌክሽን ነው። ቁጥሮቹን ለማሳያ እኔው ያወጣኋቸው ናቸው። በሦስት ወር ውስጥ 140 እናቶች በኦፕሬሽን ወለዱ። በ30ኛው ቀን ስልክ ሲደወል የ119ኙን ሁኔታ ማወቅ ተቻለ። ከእነሱ ውስጥ የ10ሩ ቁስል አመርቅዟል።

መጀመሪያ ጥያቄውን ጻፉ። ገጹ አናት ላይ፣ ከርዕሱ ቀጥሎ፣ ማኔጅመንቱ እንዲወስን የምትፈልጉትን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ። ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም እንኳ እኔ ይህችን መስመር በአማርኛ ነው የምጽፋት። ሁሉም እኩል እንዲያነባት።

ቀጥሎ ቁጥሩን ከነአካፋዩ አስቀምጡ። «8.4 በመቶ» ብቻ አይበቃም። «ክትትል ከተደረገላቸው 119 እናቶች 10ሩ (8.4 በመቶ)፤ 21 እናቶች በስልክ አልተገኙም» በሉ። ለ140 ብታካፍሉት 7.1 በመቶ ይሆናል፤ ቁጥሩ ያምራል። ግን ያላገኛችኋቸውን 21 እናቶች በሙሉ ጤነኛ አደረጋችኋቸው ማለት ነው።

ከዚያ ንጽጽሩን መርምሩ። ብዙ ኦዲት የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ያለፈው ሩብ ዓመት ከ131 እናቶች 3 ብቻ፣ ማለትም 2.3 በመቶ ነበር እንበል። ሁለቱን ጎን ለጎን ካስቀመጣችሁ ኢንፌክሽን ከሦስት እጥፍ በላይ የሆነ ይመስላል፤ ስብሰባውም ወደ «ጥፋቱ የማን ነው?» ይዞራል። ነገር ግን ያኔ ስልክ አይደወልም ነበር። የሚቆጠረው ዋርድ ውስጥ የታየው ወይም እናቲቱ ራሷ ተመልሳ የመጣችበት ብቻ ነበር። ከአሁኖቹ 10 ውስጥ በዚያ መንገድ የተገኙት 4 ናቸው። ስድስቱ ቤታቸው ሆነው ነበር፤ ስልክ ተደውሎ፣ መጥተው ቁስላቸው ታይቶ ነው የታወቀው። ስለዚህ በድሮው አቆጣጠር 3 ከ131፣ አሁን ደግሞ 4 ከ140 ነው። ለውጥ የለም ማለት ይቻላል። ገጹ ላይ እንዲህ ጻፉት፦ «አቆጣጠራችን ተሻሻለ፤ ኢንፌክሽኑ ጨመረ ለማለት ማስረጃ የለንም።»

ግራፍ ካስገባችሁ አንድ ይበቃል፣ ያውም በቀለም የማይለይ። የሆስፒታል ፎቶ ኮፒ ቀዩንም አረንጓዴውንም ግራጫ ያደርገዋል።

አሁን ምክንያቱን አሳዩ። አንድ ብቻ ምረጡ፤ የምትመክሩት መፍትሔ የሚነካውን። በምሳሌያችን የ40 እናቶች ካርድ ታየ። አንቲባዮቲኩ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት ባለው 60 ደቂቃ ውስጥ የተሰጣቸው 19 ናቸው። 15ቱ ከሰዓቱ ውጭ ወስደዋል፣ አብዛኞቹ ከተቀደዱ በኋላ። በ6ቱ ካርድ ላይ ሰዓት አልተጻፈም። ለምን? መድኃኒቱ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ስለማይቀመጥ ቤተሰብ ማዘዣ ይዞ ወደ ፋርማሲ ይሮጣል። እስኪመለስ ኦፕሬሽኑ ተጀምሯል። ለ10ሩ ኢንፌክሽን መነሻው ይህ ነው ብላችሁ ግን አትጻፉ፤ ኦዲቱ ያንን አላረጋገጠም። «ሊስተካከል የሚችል ክፍተት» ማለቱ ይበቃል።

ምክረ ሐሳቡ ሥራ፣ ባለቤትና ቀን ይኑረው። «የኢንፌክሽን መከላከል ይጠናከር» የሚለውን ማንም ይቀበላል፣ ማንም አይሠራውም። ይልቅ እንዲህ፦

«የአንድ ሳምንት አንቲባዮቲክ ኦፕሬሽን ክፍል ይቀመጥ፤ ፋርማሲ በየሰኞው ይሙላ። አንስቴዥያ ይስጥ፣ ሰዓቱንም ይመዝግብ። ከወሩ 1ኛ ቀን ይጀመር።»

ከጎኑ የብሩን መጠን ከፋርማሲ ጠይቃችሁ ጻፉ፤ የፋይናንስ ኃላፊው መጀመሪያ የሚፈልጉት እሱን ነው። ሜትሮኗ በራሷ ልታስተካክል የምትችለውን፣ ለምሳሌ በምላጭ ፀጉር መላጨትን ማስቀረት፣ ከዚህ ገጽ አውጡት። የቀዶ ሐኪሞችን ስምም አታስገቡ። በእንዲህ ያለ ትንሽ ቁጥር ሐኪምን ከሐኪም ማወዳደር ጠብ ከማንሳት ሌላ አይፈይድም።

ከስብሰባው ሁለት ቀን በፊት ወረቀቱን ለፋርማሲና ለአንስቴዥያ ኃላፊዎች አሳዩ። ስብሰባው ላይ ድንገት ካዩት ይከላከላሉ፤ ቀድመው ካዩት ግን «ፍሪጅ አያስፈልገውም፣ ቁልፉ ግን ማን ጋ ይሁን?» ዓይነት የሥራ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። ከገጹ ግርጌ «ጸድቋል / አልጸደቀም» የሚልና መፈረሚያ ቦታ ተዉ። እስኪብርቶም ያዙ።